ሞኒተሬን በጨለማ ክፍል ውስጥ ዝቅ ባደረግኩት ቁጥር ራሴን ያመኛል፤ ምን ቀረኝ?

የሌሊት ተርጓሚ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20)

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ልጄ 2 ዓመቷ ነው፤ መብራት ከበራ አትተኛም። ስለዚህ እሷን አስተኝቼ፣ መብራቱን አጥፍቼ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የትርጉም ሥራዬን እሠራለሁ። የላፕቶፔ ስክሪን ትንሽ ስለሆነ ባለፈው ወር ያገለገለ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ገዛሁ።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ስከፍተው ግድግዳው ሁሉ ነጭ ሆነ፤ ልጅቷም ተገላበጠች። ደንግጬ ያገኘሁትን ሁሉ ዝቅ አደረግኩ። በሞኒተሩ ቁልፎች ገብቼ Brightness 75 የነበረውን 0፣ Contrast 75 የነበረውን 20 አደረግኩት። በዊንዶውስ ደግሞ Night light ከፍቼ ጥንካሬውን 100 ላይ አደረስኩት። አሁን ስክሪኑ ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት ይመስላል፤ ግራጫ ፊደሎችን ለማንበብ ወደ ፊት መጠጋት አለብኝ።

የገረመኝ ግን ይሄ ነው። ብርሃኑን ይህን ያህል ቀንሼም አንድ ሰዓት ሳይሞላኝ ዓይኔ ይቃጠላል፤ ግንባሬ ላይ ደግሞ የሚጨምቅ ራስ ምታት ይይዘኛል። በላፕቶፑ ስክሪን ስሠራ እንዲህ አልሆንም ነበር። ከዚህ በታች ምን ልቀንስ?

---

ብሩክ ኮልፌ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡41)

እህቴ፣ ችግሩ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ዓይንን የሚያቃጥለው እሱ ነው፤ ውስጡን ያለውን ስስ ክፍል ሁሉ ይጎዳዋል። የዊንዶውሱ ብቻ አይበቃም። ሞኒተሩ ራሱ ሜኑ ውስጥ Low Blue Light የሚል አለው፤ እሱንም መጨረሻ ደረጃ ላይ አድርጊው። ሁለቱ ሲደራረቡ ነው ሥራ የሚሠሩት። በተጨማሪ ሁሉንም ነገር ጥቁር ጀርባ አድርጊው። እኔ እንዲህ ካደረግኩ ወዲህ ማታ ማታ እንቅልፌ ተስተካክሏል።

---

ጋሽ ታዴ ጥገና (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡05)

ሞኒተር ስጠግን 14 ዓመት ሆኖኛል፤ እንዳንቺ ያሉ ደንበኞች ብዙ ጊዜ ይመጡብኛል። ልጄ፣ ከዚህ በታች የሚቀነስ ነገር የለም። ይልቅ የቀነስሽው በዝቷል። ሦስቱ ነገሮች የሚነኩት የተለያየ ቦታ ነው፤ አንቺ ግን ሁሉንም እንደ አንድ ቧንቧ አድርገሽ ዘጋሻቸው።

Brightness የሚባለው በአብዛኛው ሞኒተር ከፓነሉ ኋላ ያለውን መብራት ነው የሚያሳንሰው። ጥቁሩም ነጩም አብረው ይወርዳሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን አይለወጥም። Contrast መብራቱን አይነካም፤ ነጩን ብቻ ወደ ግራጫ ይጎትተዋል። ጥቁሩ ባለበት ይቀራል። 20 ላይ ስታወርጂው ፊደሉና ጀርባው ተቀራረቡ፤ ወደ ፊት የምትጠጊው ለዚህ ነው። Night light የሚባለው ማጣሪያ ደግሞ ሰማያዊውንና ከፊል አረንጓዴውን ስለሚቀንስ እሱም በራሱ ስክሪኑን ያጨልማል። ብሩክ እንዳለው ሁለት ማጣሪያ ብትደርቢበት ይባስ ይደበዝዛል።

አሁን እንዲህ አድርጊ፤ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ።

መጀመሪያ ክፍሉን አስተካክይ። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ለሞኒተር ትክክለኛ የሚባል ብርሃን የለም። የዓይን ብሌን በጨለማው ይሰፋል፤ መሀል ላይ ያለው አራት ማዕዘን ብቻ ያበራል፤ ዓይን ከስክሪኑ ወደ ጨለማው በዞረ ቁጥር ይለፋል። ትንሽ የዩኤስቢ መብራት፣ ቢጫ ብርሃን ያለው፣ ከሞኒተሩ ጀርባ አስቀምጪና ወደ ግድግዳው አዙሪው። ሞኒተሩ ራሱ ስለሚከልለው ልጅቷ ጋር አይደርስም።

ሁለተኛ፣ ማጣሪያውን አጥፍተሽ ኮንትራስቱን አስተካክይ። ፔይንት ክፈቺ፤ ነጭ ጀርባ ላይ ሦስት ካሬ ሥሪ። ለአንዱ ሦስቱንም የቀለም ቁጥር 250፣ ለሁለተኛው 245፣ ለሦስተኛው 240 ስጪው። ነጩ ራሱ 255 ነው። ኮንትራስቱን ወደ 75 መልሰሽ ተመልከቺ። 250ው ነጩ ውስጥ ከጠፋ ኮንትራስቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ሦስቱም በደካማው እስኪታዩ ድረስ አንድ አንድ እያልሽ አውርጂ። እዚያ ላይ ተዪው።

ሦስተኛ ማጣሪያውን መልሰሽ ክፈቺ፤ ግን 30 እና 40 መካከል። መጨረሻ ላይ Brightness። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ያዢ፤ ባዶ የዎርድ ገጽ ክፈቺ። ገጹ ከወረቀቱ አጠገብ እንደ መስኮት ካበራ በዝቷል፤ አመድ ከመሰለ አንሷል። ወረቀቱን ሲመስል በቃ።

ራስ ምታቱን በተመለከተ የምጠረጥረው ሌላ ነገር አለ። ሞኒተሩ የተሠራበትን ዓመት ከጀርባው አንብበሽ ንገሪኝ።

---

ማርታ ኤም (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30)

ጥያቄውን ሳየው የኔንም ላንሳ ብዬ ነው። እኔ ላፕቶፕ ላይ የብርሃን መቀነሻውን ቁልፍ ስጫን የላፕቶፑ ብቻ ይቀንሳል፤ የተገናኘው ሞኒተር ንቅንቅ አይልም። ተበላሽቷል? ሌላው ደግሞ ማጣሪያው በራሱ ሰዓት እንዲበራ አድርጌው ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ቀን በጠራራ ፀሐይ ስክሪኔ ቢጫ ይሆናል።

---

ጋሽ ታዴ ጥገና (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡52)

ማርታ፣ አልተበላሸም። የላፕቶፑ ቁልፍ የራሱን ስክሪን ብቻ ነው የሚያዝ፤ ውጪ ያለውን በሞኒተሩ ቁልፎች ነው የምትቀይሪው። ሰዓቱ ላይ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ለማለት 3፡00 ጽፈሽ ይሆናል። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ያ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆንበታል። 9:00 PM አድርጊው። ከጀምበር መጥለቅ እስከ መውጣት የሚለውን መምረጥም ትችያለሽ፤ ግን ቦታሽን እንዲያውቅ መፍቀድ ይጠይቃል። እኛ አገር ጀምበር የምትጠልቅበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለያይ ሰዓቱን በእጅ መሙላት ይበቃል።

---

ማርታ ኤም (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10)

በትክክል 3:00 PM ነው የሚለው! አመሰግናለሁ ጋሼ።

---

አቤል ዲዛይን (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15)

ለተርጓሚ ምናልባት። በቀለም ለሚሠራ ሰው ግን ማጣሪያ አይነካም። የሠርግ ጥሪ ካርድ ማታ እየሠራሁ ማጣሪያው እንደበራ ረሳሁት። ክሬሙ በጣም ቢጫ መሰለኝና ወደ ሰማያዊ እየጎተትኩ አስተካከልኩት። ጠዋት ከማተሚያ ቤት ሲመጣ የሙሽራዋ ስም የተጻፈበት ክሬም ወረቀት የሆስፒታል ግድግዳ መስሎ ወጣ። 300 ካርድ በራሴ ወጪ ደገምኩ።

ዓይን ያታልላል። አሥር ደቂቃ ካየሽው ቢጫው ነጭ ይመስልሻል፤ እንደበራ አታውቂም። እኔ አሁን ማታ ማጣሪያውን አጥፍቼ ብርሃኑን ብቻ ነው የምቀንሰው፤ ሜኑው ውስጥ sRGB የሚለውን እመርጣለሁ።

---

ሲስተር የዓይን ክፍል (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ብሩክ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። ማታ ጠንካራ ሰማያዊ ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሆርሞን ስለሚያዘገይ እንቅልፍህ ተሽሎት ከሆነ ይገባኛል፤ ምንም እንኳ የረዳህ የብርሃኑ መቀነስ በጠቅላላው ሊሆን ቢችልም። ዓይን ያቃጥላል፣ የዓይንን ውስጥ ይጎዳል የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ከስክሪን የሚወጣው ከቀን ብርሃን ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2023 ሰማያዊ ብርሃን የሚያጣሩ መነጽሮች ላይ የተደረጉ 17 ሙከራዎችን ሰብስቦ አይቶ ነበር፤ የዓይን ድካምን በአጭር ጊዜ ከተራ መነጽር የተሻለ የሚቀንሱ ሆነው አልተገኙም። ይህ ስለ መነጽር ነው፤ የስክሪን ማጣሪያው ግን በዚያው መንገድ ተአምር ይሠራል ብዬ አልጠብቅም።

እህቴ፣ ማቃጠሉ የድርቀት ይመስለኛል። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምንጨፍንበት ቁጥር በጣም ይቀንሳል፤ ፊደሉ ደብዝዞ ስንፈጥበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አደብዝዘሽ ማንበብሽ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ዓይንሽን ከተለካሽ ምን ያህል ጊዜ ሆነ?

---

ብሩክ ኮልፌ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58)

ሲስተር፣ እኔ ስጠቀምበት ዓይኔም ቀሎኛል። ሁሉም ሰው አንድ አይነት አይደለም።

---

የሌሊት ተርጓሚ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡30)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጋሽ ታዴ እንዳሉት በቅደም ተከተል ሄድኩ።

መጀመሪያ የብሩክንም ልሞክር ብዬ Low Blue Light ከፍቼ ነበር። ወዲያው Contrast የሚለው መስመር ደብዝዞ አልነካ አለኝ። ስዘጋው ተመለሰ። ስለዚህ እሱን ተውኩት።

ካሬዎቹን ሠራሁ። ኮንትራስቱ 75 ሲሆን 250ው ጭራሽ አይታይም፤ 245ቱም በግድ ነው። 70 ላይ ሦስቱም ወጡ። መብራቱን ከሞኒተሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ አዞርኩት፤ ልጄ ጋር አልደረሰም። ማጣሪያውን 35 አደረግኩ። ወረቀቱን ጎን ለጎን ይዤ ስለካ Brightness 12 ላይ ገጹና ወረቀቱ ተመሳሰሉ። ፊደሉ ጥርት ብሎ ስታየው ሌላ ስክሪን ይመስላል፤ ወደ ፊት መጠጋቱ ቀረ።

ማቃጠሉ በጣም ቀንሷል። ራስ ምታቱ ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ላይ መጣ። ከጀርባው የተሠራበት ዓመት 2014 ይላል። ዓይኔን የተለካሁት ልጄን ከመውለዴ በፊት ነው።

---

ጋሽ ታዴ ጥገና (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡30)

2014 ካልሽ ጥርጣሬዬ ከፍ አለ። የዚያ ጊዜ ብዙ ሞኒተሮች ብርሃን ሲቀንሱ መብራቱን በእውነት አያሳንሱትም፤ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እያበሩ እያጠፉ ነው የሚቀንሱት። 100 ላይ ሁልጊዜ ይበራል። ዝቅ ባደረግሽው ቁጥር የጠፋበት ጊዜ ይረዝማል። ብልጭ ድርግም ማለቱን ዓይን አያየውም፤ ግን አንዳንድ ሰው ራሱን ያመዋል። አንዳንዱ ዓመት ሙሉ ቢቀመጥበት ምንም አይሆንም። ባሳነስሽ ቁጥር የባሰብሽ ለዚህ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ፈትሺው። የክፍሉን መብራት ሁሉ አጥፊ፤ የጀርባውንም ጭምር፤ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ራሳቸው ስለሚርገበገቡ ያሳስቱሻል። ስክሪኑን ነጭ አድርጊው። እርሳስ ጫፉን ይዘሽ ስክሪኑ ፊት ለፊት እንደ ማራገቢያ ቶሎ ቶሎ አወዛውዢው። እርሳሱ እንደ ጭስ የተዋሃደ ጥላ ከሆነ ደህና ነው። ብዙ የተለያዩ እርሳሶች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከታዩሽ መብራቱ ይርገበገባል። Brightness 100፣ 75፣ 50፣ 25፣ 0 ላይ እየደጋገምሽ እዪ። ስልክሽ ካሜራው ላይ የመዝጊያውን ፍጥነት በእጅ የሚያስለውጥ ከሆነ 1/1000 ላይ አድርገሽ ነጩን ስክሪን አንሺው፤ ከርገበገበ ጥቁር መስመሮች ይወጣሉ።

---

የሌሊት ተርጓሚ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡05)

ጋሼ፣ ማበጠሪያው ወጣ! 0 ላይ እርሳሱ ስምንት ዘጠኝ ሆኖ ተቆጠረልኝ፤ በመካከላቸው ነጭ ክፍተት አለ። 25 ላይም እንዲሁ። 50 ላይ ክፍተቱ ጠበበ። 60 ላይ ተዋሃደ። በስልኩም ሞከርኩት፤ 0 ላይ ወፍራም ጥቁር መስመሮች፣ 50 ላይ ቀጭን፣ 60 ላይ ምንም። የላፕቶፑን ስክሪን ዝቅ አድርጌም አየሁት፤ እርሳሱ ጭስ ነው።

ግን 60 ላይ ካደረግኩት ክፍሉ በሙሉ ይበራል። አሁን ምን ላድርግ?

---

ጋሽ ታዴ ጥገና (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡26)

እንግዲህ ቀደም ሲል ስለ ኮንትራስት ያልኩሽን ላንቺ ሞኒተር ልቀይረው ነው። Brightness 60 ላይ ይቁም፤ ከዚያ በታች አታውርጂው። ትርፉን ብርሃን በኮንትራስት ቀንሺ። ኮንትራስት መብራቱን ስለማይነካ መርገብገብ አያመጣም። ወረቀቱን እንደገና ጎን ያዢና ገጹ ወረቀቱን እስኪመስል ኮንትራስቱን ብቻ አውርጂ። ወደ 40 አካባቢ እንደምትደርሺ እገምታለሁ።

ዋጋ ግን አለው። የኋላው መብራት ከፍ ስላለ ጥቁሩ በጨለማ ውስጥ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ የጥቁርና የነጭ ልዩነት ይጠባል። ፊልም ለማየት አይመችም። ለጽሑፍ ግን ነጭ ጀርባ ላይ ጥቁር ፊደል እስከሆነ ድረስ ይበቃል። ጥቁር ጀርባ ላይ ነጭ ፊደል እንዳታደርጊበት፤ ጥቁሩ ጭጋግ ይሆንብሻል። ኮንትራስቱን 30 አልፎ ካወረድሽው ግራጫ ፊደሎች መጥፋት ይጀምራሉ፤ ያኔ ኮንትራስቱን ትተሽ ወደ ግድግዳው ያዞርሽውን መብራት ትንሽ ብታጠነክሪው ይሻላል። ክፍሉ ሲፈካ ገጹ ያን ያህል አይወጋሽም።

---

ከአሌክሳንድሪያ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 6፡10)

ቨርጂኒያ ሆኜ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፤ ሁለት ዓይነት ልኬት ነው ያለኝ፣ የቀንና የማታ። በሞኒተሩ ቁልፎች በየቀኑ መመላለስ ይሰለቻል። ሊኑክስ የሚጠቀም ካለ በኬብሉ በኩል ማዘዝ ይቻላል። 10 ብራይትነስ ነው፣ 12 ኮንትራስት።

```
ddcutil setvcp 10 60
ddcutil setvcp 12 40
```

ሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ DDC/CI የሚለው መከፈት አለበት። አንዳንድ የኬብል መለወጫዎች ትእዛዙን አያሳልፉም፤ የኔ የመጀመሪያው መለወጫ ዝም ብሎ ነበር፣ ኬብሉን በቀጥታ ስሰካው ሠራ። ዊንዶውስ ላይ Twinkle Tray የሚባል ነጻ ፕሮግራም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

---

አቤል ዲዛይን (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡00)

ኮንትራስት 40? ጋሼ፣ ይሄማ ስክሪኑን መግደል ነው። ደህና ሞኒተር ብትገዛ አይሻልም? አዳዲሶቹ ላይ Flicker-free ተብሎ ተጽፎባቸዋል።

---

ጋሽ ታዴ ጥገና (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡35)

ገንዘቡ ካላት ልክ ነህ። ስትገዛም የተጻፈውን አምና እንዳትወስድ፤ እርሳሷን ይዛ ትሂድ። ሱቁ ውስጥ ብራይትነሱን 0 አድርጋ ሻጩ ፊት ታወዛውዘው። ፊደል ለማንበብ ግን 40 አይገድልም። አንተ ካርድ ትሠራለህ፤ እሷ ጽሑፍ ነው የምታነበው።

---

የሌሊት ተርጓሚ (እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡15)

ሁለት ሌሊት ሞከርኩት። ወረቀቱ ያቆመኝ 42 ላይ ነው። Brightness 60፣ Contrast 42፣ ማጣሪያው 35፣ የጀርባ መብራቱ በርቶ። ዓርብ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሠራሁ፤ ራስ ምታት አልመጣም። ጥቁሩ እንዳሉት ግራጫ ነው፤ ዎርድ ላይ ግን አያስቸግርም።

ቅዳሜ ደግሞ የትኛው እንደረዳኝ ለማወቅ የጀርባ መብራቱን አጥፍቼ ሌላውን እንዳለ ተውኩት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኔ መቃጠል ጀመረ። ግንባሬን ግን አላመመኝም። ስለዚህ መብራቱና መርገብገቡ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይመስሉኛል።

---

ሲስተር የዓይን ክፍል (እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡50)

በመሻልሽ ደስ ብሎኛል። ግን ሁለት ሌሊት ነው፤ ዓርብ በደንብ ተኝተሽ ውለሽ ሊሆን ይችላል። ራስ ምታቱ ከመርገብገቡ ነው ብዬ ገና አልፈርምም። ወደ ፊት ተጠግተሽ ታነቢ እንደነበር ስለጻፍሽ ትንሽ በመነጽር የሚስተካከል የእይታ ችግር ካለብሽም ያው ምልክት ነው የሚሰጠው፤ በጨለማ ብሌን ሲሰፋ ደግሞ ይጎላል። ተለኪ።

---

የሌሊት ተርጓሚ (እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡02)

እሺ ሲስተር፣ ሐሙስ ቀጠሮ እይዛለሁ። እስከዚያ አንድ ሌሊት ደግሞ መብራቱን አብርቼ Brightness 12 እና Contrast 70 ላይ መልሼ እሞክረዋለሁ። ግንባሬን ካመመኝ እዚሁ እጽፋለሁ።

---

ብሩክ ኮልፌ (እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡20)

እኔም እርሳሱን ሞከርኩት። የኔ 30 ላይ ማበጠሪያ ነው፣ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ 80 ላይ ነው የምጠቀመው። ማጣሪያውን ግን አላጠፋም።